ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ኦሮምኛ፣ መጨረሻው የለም፦ የተቆረጠ መልእክት እንዴት ይነበባል?

ቤቴ ሱሉልታ ነው፣ ከእንጦጦ ማዶ። እዚህ ዳር ላይ በምንኖር ሰዎች ስልክ ውስጥ ሁለቱ ቋንቋዎች ግድግዳ እንደሚጋሩ ጎረቤቶች ናቸው። ሰላምታው በአማርኛ ይጀምርና ወሬው መሀል ላይ ኦሮምኛ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ የተገላቢጦሽ፣ ማንም ልብ ብሎ አያየውም። ጉድ የሚፈላው መልእክቱ ቋንቋ ከቀየረ በኋላ ሳያልቅ ሲቀር ነው። በአንዱ ፋሲካ እንዲህ ባለ መልእክት የተነሳ 6 ኪሎ ቅቤ አመለጠኝ፣ የኔ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፣ የአራት ጎረቤቶቼም ነበረበት።

ቅቤ የምታቀርብልኝ እትዬ ከጫንጮ ወዲህ ነው የምትኖረው። እሷ ትናገራለች፣ ልጇ ይጽፋል። ቀብድ ከፍያለሁ፣ ቀሪው ብር አልተላከም። ማታ ላይ በተራ የጽሑፍ መልእክት ይህ መጣ፦

```
ልጄ ቅቤው ተገኘ 6 ኪሎ ነው፣ ነገ ጠዋት በሚኒባስ ይመጣል። garuu qarshii hafe hin ergin
```

ገሩ «ግን» ነው። ቀርሺ ሀፌ «የቀረው ብር» ነው። ሂን ኤርጊን ደግሞ «አትላኪ» ነው። እንግዲህ የቀረውን ብር አትላኪ አለችኝ፣ ቅቤውን አይታ ትክፈል ብላ ይሆናል፣ እንዴት ያለች ደግ ሴት ናት ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ሚኒባሱ መጣ። ረዳቱን ቅቤ ብለው ምን ቅቤ አለኝ።

ዛሬ እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሰኝ የማደርገውን በተራ ላስቀምጥላችሁ።

1. መጀመሪያ ክፈቱት

ይሄን ማለት እንኳ ያሳፍራል፣ ግን ግማሹ ችግር እዚህ ያልቃል። ስልኩ ከላይ ብቅ የሚያደርገው ማስታወቂያ የመልእክቱን ጅምር ብቻ ነው የሚያሳየው። ከፍታችሁ እስከ ታች ውረዱ። ከስሩ ሌላ መልእክት፣ የድምፅ መልእክት ወይም ያልተነሳ ጥሪ ካለ እዩ። ብዙ ሰው መጻፍ ሲሰለቸው ቀሪውን በድምፅ ይጨርሰዋል፣ በተለይ ከአማርኛ ፊደል ወደ ላቲን ኪቦርድ መቀየር የጣት ሥራ ስለሆነ።

2. ማን ነው የቆረጠው? ኔትወርኩ ወይስ ሰውየው?

ይሄን ማወቅ ያነበባችሁትን ምን ያህል ማመን እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ቴሌግራም ላይ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ መልእክት ወይ ሙሉው ይደርሳል ወይ ጭራሽ አይደርስም፣ መንገድ ላይ ጅራቱ አይቀርም። ስለዚህ የተቆረጠ ካያችሁ ሰውየው ራሱ ነው የቆረጠው፤ ጣቱ መላኪያውን ነክቶታል፣ ደንበኛ መጥቶበታል፣ ወይ ሆን ብሎ ትቶታል። ትንሽ ጠብቁት፣ እየጻፈ ከሆነ ከላይ ያሳያችኋል።

ተራው የጽሑፍ መልእክት ግን ሌላ ባሕርይ አለው። አንዱ መልእክት የሚሸከመው 140 ባይት ብቻ ነው። በላቲን ፊደል ብቻ ከጻፋችሁ በዚያ ውስጥ 160 ፊደል ይገባል። አንዲት የግዕዝ ፊደል ከገባችበት ግን መልእክቱ በሙሉ፣ የላቲኑም ክፍል ጭምር፣ በእያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት መቁጠር ይጀምራል፣ ስለዚህ 70 ፊደል ብቻ ይይዛል። ከ70 ካለፈ ስልኩ ይከፋፍለዋል፣ ቁራጮቹ ተመልሰው እንዲገጣጠሙ ደግሞ እያንዳንዱ ላይ ትንሽ የማያያዣ መረጃ ይጨምራል፣ እሷም የሦስት ፊደል ቦታ ትበላለች። ለጽሑፉ የሚተርፈው 67 ነው።

እንግዲህ በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ቁቤ የሚቀጥል መልእክት ገና ከመነሻው በ67 በ67 የሚቆራረጥ መልእክት ነው። ብዙ ጊዜ ቁራጮቹ ሁሉ ደርሰው ስልኩ ይሰፋቸዋል፣ እናንተም አታውቁትም። አንዱ ቢዘገይ ወይም ቢጠፋ ግን ስልክ ከስልክ ይለያያል፤ አንዳንዱ እስኪሟላ ይዞት ይቆያል፣ አንዳንዱ ያገኘውን ብቻ ያሳያችኋል።

ስለዚህ ቁጠሩ። ክፍተቱም ነጥቡም እንደ አንድ ይቆጠራል። መልእክቱን ኮፒ አድርጋችሁ መጻፊያው ላይ ብትለጥፉት አንዳንድ ስልክ ቁጥሩን ጥግ ላይ ያሳያል፣ ካላሳየ በጣት ነው። ጽሑፉ በ67 ወይም በ134 ላይ ካበቃ ጅራቱ መንገድ ላይ እንደቀረ ጠርጥሩ። ሙሉ በሙሉ በላቲን የተጻፈ ከሆነ ደግሞ የምትፈልጉት ቁጥር 153 ነው። በ41 ወይም በ58 ላይ ካለቀ ግን ኔትወርኩን አትሙት፣ የቆረጠው ሰው ነው።

የኔን የቅቤ መልእክት ቁጠሩት እስቲ። ልክ 67 ነው። ያን ማታ ብቆጥረው ኖሮ ቅቤው በእጄ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ያታለለኝ ነገር አለ። መልእክቱ የተቆረጠ አይመስልም ነበር! ኔትወርክ ሲቆርጥ ቃል አይመርጥም፣ ቃል መሀል ላይም ይቆርጣል፣ አንዳንዴ ግን በአጋጣሚ የተረፈው ቁራጭ ራሱ ሙሉ ቃል ሆኖ ይቀመጣል። ከሁሉም ክፉው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ግማሽ ቃል ብታዩ ትጠይቃላችሁ፣ ሙሉ ቃል ስታዩ ትተኛላችሁ።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፣ የይሉኝታ መቁረጥ። «የብሩ ነገር እንግዲህ...» ተብሎ ይተዋል፤ በኦሮምኛም «ኤጋ...» ተብሎ ነጥብ ነጥብ ይደረጋል። ይሄ የጠፋ ነገር የለውም። ሰውየው መጠየቅ አፍሮ ነው፣ እናንተ ጨርሱለት እያለ ነው። የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ ሁልጊዜ ሙሉ ቃል ላይ ይቆማል፣ የመጨረሻው ቃልም እንደ «እንግዲህ»፣ «ግን» ያለ ለስላሳ ቃል ነው። በግስ ካለቀ ይሉኝታ አይደለም።

3. ግሱ ደርሷል ወይስ አልደረሰም?

አማርኛም ኦሮምኛም ግስን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ። ስለዚህ መልእክት ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ወሳኙ ነው። «ብሩን ለሾፌሩ» ድረስ ብቻ ከደረሳችሁ ስጪ፣ አትስጪ፣ ሰጥቻለሁ፣ ሰጠሽ ወይ፣ ሁሉም እኩል ይቻላል። ከላይ ያለው ሁሉ ቢገባችሁም ምን እንደምታደርጉ ገና አልተነገራችሁም። በዚህ ጊዜ መገመት የለም፣ በቀጥታ ወደ 5ኛው ሂዱ።

ግሱ በከፊል ከደረሰ ደግሞ የትኛው ቋንቋ ላይ እንደተቆረጠ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ዋናው ነገር እዚህ ነው።

በአማርኛ አሉታው ከግሱ ፊት ይመጣል፣ የአሉታው ዓይነትም እዚያው ፊት ላይ ይለያል። «አትላኪ» እና «አላክሽም»ን ውሰዱ። አንዱ ትእዛዝ ነው፣ አንዱ ያለፈ ነገር ነው፣ ልዩነቱም ገና በሁለተኛው ፊደል ይታያል። «አት...» ላይ ቢቆረጥ እንኳ ቢያንስ «አላክሽም» እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

በኦሮምኛ ግን ፊት ላይ የሚቀመጠው «ሂን» ለሁለቱም አንድ ነው። ልዩነቱ ጅራቱ ላይ ነው ያለው፦

```
hin ergin    አትላኪ / አትላክ
hin ergine   አልላከም፣ አላክሽም፣ አላክሁም...
hin ergu     አይልክም፣ አልልክም
```

የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን አስተያዩ። በመካከላቸው ያለችው አንዲት e ናት። ትእዛዙና ያለፈው የሚለያዩት በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ነው፣ መቁረጥ ደግሞ የሚጀምረው ከመጨረሻ ነው። አንድ ዓይነት መቁረጥ በአማርኛው ክፍል ላይ ቢያርፍ ትንሽ ይጎዳል፣ ቋንቋው ከዞረ በኋላ ቢያርፍ ትርጉሙን ይገለብጠዋል።

በዚያ ላይ «ሂን ኤርጊኔ» ማን እንዳልላከ አይናገርም። እኔም፣ አንቺም፣ እሱም፣ እነሱም ብሎ ለሁሉም ያው አንድ ቅርጽ ነው። አማርኛ ለለመደ ጆሮ ይሄ ይከብዳል፣ እኛ ግሱ ውስጥ ባለቤቱን ካላገኘን አይጥመንም። ባለቤቱን ከግሱ ሳይሆን ከፊቱ ካለው ቃል ፈልጉት።

እዚያ ፍለጋ ላይ ደግሞ አንድ ወጥመድ ተቀምጧል። በአማርኛ «ብሩን» ስንል መጨረሻ ላይ ያለችው «ን» ብሩ የሚላክ እንጂ የሚልክ አለመሆኑን ትነግረናለች። በኦሮምኛ «ቀርሺን» ሲባል ግን ያቺ «ን» የተገላቢጦሽ ባለቤቱን ነው የምታመለክተው፤ ብሩ ራሱ ጠፋ፣ ደረሰ፣ ቀረ ሊባል ነው ማለት ነው። የሚላከው ብር «ን» የለውም። የኔ መልእክት ላይ ያለ ን ነበር፣ ስለዚህ ብሩን የሚልክ ወይም ያልላከ አንድ ሰው መኖር ነበረበት። ያ ሰው እኔ ነበርኩ፣ ምን ያደርጋል።

4. የማን ቃል ነው?

ሰው መሀል ላይ ቋንቋ የሚቀይርበት አንዱ ምክንያት የሌላ ሰው ንግግር መጥቀስ ነው። ሾፌሩ በኦሮምኛ የተናገረውን በኦሮምኛ ያስቀምጡታል፣ ማንም እንዲህ ያደርጋል። ችግሩ «አለ» የሚለው ቃል በሁለቱም ቋንቋ ከጥቅሱ በኋላ መምጣቱ ነው። በአማርኛ «አትላኪ አለ» ነው፣ በኦሮምኛ «ሂን ኤርጊን ጄዼ» ነው፣ ሴት ከሆነች «ጄቴ»። ጅራቱ ከተቆረጠ «ጄዼ» ይሄድና የሾፌሩ ቃል የእትዬ ቃል ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ቋንቋው የዞረበትን ቦታ ተመልከቱ። ከመዞሩ በፊት የሰው ስም ወይም «ሾፌሩ»፣ «ልጁ»፣ «ባለቤቱ» የሚል ካለ ጥቅስ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ከመዞሩ በፊት አራት ነጥብ ካለና ዞሮ በ«ገሩ» ከጀመረ ግን የላኪው የራሱ ሐሳብ መሆኑ ይበልጣል።

ይቺ «ገሩ» ራሷ ብዙ ትናገር ነበር። ቅቤው ተገኘ፣ ነገ ይመጣል፣ ግን... ከመልካም ዜና በኋላ «ግን» ሲመጣ የሚከተለው እንቅፋት ነው። «ግን ብር አትላኪ» ምን እንቅፋት አለው? «ግን ቀሪውን አላክሽም» ሲባል ነው ግን የሆነ ግን። ይሄን ሁሉ የማወራው ቅቤው ካመለጠኝ በኋላ ነው፣ ያን ማታ ዓይኔ የሚፈልገውን ነው ያነበበው።

5. መልሳችሁ ስትጠይቁ ጥያቄውን እንዲህ ሥሩት

«አልገባኝም» ብላችሁ አትጻፉ። ሰውየው ሙሉ እንደጻፈ ነው የሚያውቀው፣ ያንኑ መልሶ ይልክላችኋል፣ እሱም በዚያው ቦታ ይቆረጣል። «አልላክ?» ብላችሁም አትጠይቁ፤ «አዎ» ቢሏችሁ አዎ አትላኪ ይሁን አዎ ላኪ አታውቁም።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ቃል ተጠንቀቁ። በአማርኛ «ልላክ?» ብላችሁ ጠየቃችሁ እንበል፣ መልሱ እንዲህ መጣ፦

```
laki
```

በአማርኛ ለሴት «ላኪ» ነው። በኦሮምኛ ግን «ለኪ»፣ ጠበቅ ተደርጎ ሲነበብ፣ «አይ፣ አይሆንም» ማለት ነው! በቁቤ በትክክል ሲጻፍ ሁለት k አለው፦ lakki። ግን በችኮላ ከሚጽፍ ሰው ሁለተኛዋን k ማን ይጠብቃል? ሁለቱንም ቋንቋ ከሚጽፍ ሰው ጋር የምትጻጻፉ ሴቶች ይቺን ቃል ብቻዋን ስታዩ ብሩ ላይ እጃችሁን አታሳርፉ።

መፍትሔው ሁለት የተለያዩ ግሶችን መስጠት ነው፣ ሁለቱም ያለ አሉታ፣ ገና ከመጀመሪያው ፊደል የሚለያዩ። እኔ የምጽፈው ይሄን ነው፦

```
የቀረውን ብር ልላክ ወይስ ልተው?
nan erga moo nan dhiisa?
```

«ናን ኤርጋ» እልካለሁ ነው፣ «ሞ» ወይስ ነው፣ «ናን ዺሳ» እተወዋለሁ ነው። መልሱ «ኤርጊ» ወይም «ዺሲ» ይሆናል። አሁን ኔትወርኩ እንደፈለገ ይቁረጠው፤ የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ ብታገኙ ይበቃችኋል። ሁለቱን መስመሮች ግን ለየብቻ ላኳቸው፣ አብረው ከሄዱ የአማርኛው ፊደል የኦሮምኛውንም ቦታ ይበላበታል።

መደወልስ? መደወል ጥሩ ነው፣ ከተቻለ ደውሉ። ግን እትዬ ዘንድ ስልኩ ያለው ልጇ ጋ ነው፣ ልጇ ደግሞ ቀን ቀን ከብት ጋ ነው።

6. ላኪው እናንተ ከሆናችሁ

ብር፣ ሰዓትና ቦታ ያለበትን ነገር ለብቻው በአንድ አጭር መልእክት ላኩት፣ ሰላምታውን ደግሞ በሌላ። ያቺን መልእክት በአንድ ዓይነት ፊደል ብቻ ጻፏት። ቁቤ ከሆነ ሙሉውን ቁቤ፣ 160 ፊደል አላችሁ፣ ለቅቤ ከበቂ በላይ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ሰው የሚያውቃት ነገር አለች። በኦሮምኛ «ሀርአ»፣ ማለትም ዛሬ፣ ሲጻፍ መሀሉ ላይ ሁዻ የምትባል ትንሽ ጭረት አለች። ቀጥ ያለችው ምልክት ብትሆን ችግር የለም። አንዳንድ ስልክ ግን በራሱ ፈቃድ ወደ ጠማማዋ ይለውጣታል፦

```
har'a    160
har’a    70
```

ጠማማዋ ተራው የላቲን ሠንጠረዥ ውስጥ የለችም፣ ስለዚህ አንድ የግዕዝ ፊደል እንደገባ ያህል መልእክቱን ወደ 70 ታወርደዋለች። መጻፊያው ላይ ያለው ቁጥር ድንገት ሲያሽቆለቁል ካያችሁ ምክንያቱ እሷ ናት። አጥፍታችሁ ቀጥ ያለችውን ጻፉ፣ ወይም በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ጥቅስ ምልክትን በራሱ የሚያሳምረውን አጥፉት።

ለቅቤው ጉዳይ ልመለስ። ከሰዓት በኋላ ልጇን በስልክ አገኘሁትና የጻፈውን አነበበልኝ። ሁለተኛው ቁራጭ እኔ ጋ ሳይደርስ የቀረው ይሄ ነበር፦

```
e. har'a galgala naaf ergi
```

የመጀመሪያዋን e ወደ ላይ አውጥታችሁ ካለፈው ጋር ግጠሟት። «ግን የቀረውን ብር አላክሽም። ዛሬ ማታ ላኪልኝ።» እትዬ ያን ማታ ጠብቃ፣ ዝም ስላት፣ ቅቤውን ለፋሲካ ለሚፈልግ ሌላ ሰው ሰጥታዋለች። እሷም ተቀይማለች፣ ጎረቤቶቼም ተቀይመዋል። ለዶሮው ከሱቅ የገዛነውን ቅቤ ነገር ባላነሳው ይሻላል።

ልጇ አሁን የገባው ይመስለኛል፣ እንዲያውም ከልክ በላይ ገብቶታል። ባለፈው ወር ከሱ የመጣው ጠቅላላ መልእክት ይህ ነበር፣ ከፊቱም ከኋላውም ምንም የለም፦

```
ergi
```

ስንት ኪሎ እንደሆነ ለማወቅ ከብቶቹ እስኪገቡ ጠብቄ ደወልኩ።